ከማሽኑ ጀርባ ያለችው ወንፊት

እኛ ሠፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሦስት አራት ቀን ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ቀይ ነው፤ ባልዲ ላይ ቢያስቀምጡት ከሥሩ ደለልና የዝገት ፍርፋሪ ይዘቅጣል። መንገድ ተቆፍሮ የቧንቧ መስመር ከተነካ ደግሞ ይብሳል። ይህን ውሃ ለመጠጥ ማንም አይቀዳውም፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽናችን ግን ቧንቧው ክፍት ስለሚሆን ሳናውቀው ሲቀበለው ከርሟል።

ችግሩ የታየን ቀስ በቀስ ነው። አንድ ሰዓት የሚፈጀው እጥበት ሁለት ሰዓት ማለፍ ጀመረ። ማሽኑ እየጮኸ ይቆማል፤ ጆሮ ሰጥተው ሲያዳምጡት ከጀርባው የቫልቩ እምምታ ይሰማል፣ ሳሙና ማስቀመጫው ውስጥ ግን ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ነው የሚወርደው። በመጨረሻ መስኮቱ ላይ IE የሚል ጽሑፍ ወጣ። ይህ በኤልጂ ማሽኖች ውሃ በተመደበለት ጊዜ አልሞላም ማለት ነው፤ ሳምሰንግ ለተመሳሳይ ነገር 4C ወይም 4E ይላል። ያየልን ባለሙያ ቫልቩ ይቀየር አለ። ከመግዛታችን በፊት ግን በባልዲ እንለካው ብዬ አሰብኩ።

ልኬቱ ቀላል ነው። የማሽኑን ጎማ ከቧንቧው ፈትቼ 10 ሊትር ባልዲ ሞላሁ፤ አንድ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ጎማውን መልሼ ቧንቧው ላይ አስሬ፣ በማሽኑ በኩል ያለውን ጫፍ ባልዲ ውስጥ አድርጌ እንደገና ሞላሁ፤ ጊዜው እምብዛም አልተለወጠም። ስለዚህ ግፊቱም ጎማውም ደህና ናቸው፣ የታነቀው ማሽኑ መግቢያ ላይ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው ባልዲ ራሱ ቢዘገይ ኖሮ ጥፋቱ የማሽኑ ባልሆነ ነበር። ሮቶ ያላቸው ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ፦ ውሃ 1 ባር ግፊት የሚያገኘው ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲወርድ ነው፤ ከማሽኑ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ሮቶ የሚሰጠው 0.3 ባር ነው፣ ይህም ለብዙ ማሽኖች ያንሳል።

ጎማው ማሽኑን በሚገናኝበት አፍ ውስጥ ጣት የማታክል የፕላስቲክ ወንፊት ተቀምጣለች። እሷን ለማውጣት መጀመሪያ ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉ፣ ቧንቧውን ይዝጉ፣ ጎማው ውስጥ የቀረው ውሃ ስለሚፈስ ከሥር ሳፋና ጨርቅ ያኑሩ። ከዚያ የጎማውን ማሰሪያ ወደ ግራ እያዞሩ በእጅ ያላሉ። ከወንፊቷ መሃል ወጣ ያለች ትንሽ እጀታ አለች፤ በፒንሳ ጫፍ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። ቆይታ ስለሚያደርቃት ካልወጣች ግራና ቀኝ ቀስ አድርገው ያነቃንቋት እንጂ በምስማር አይፈልፍሏት፤ ከተቀደደች ጥቅሟ ያበቃል።

የእኛ ወንፊት ፊቷ በቡናማ ጭቃ ተለስኖ ቀዳዳዋ አይታይም ነበር። ከጀርባዋ በኩል ውሃ እየለቀቅኩ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሳሻት አሸዋው ወረደ፤ ከጀርባ የሚታጠበው ቆሻሻው በገባበት እንዲወጣ ነው። ነጭ ሆኖ የደረቀው የጨው ቅርፊት ግን በብሩሽ አልለቀቀም፣ አቼቶ ውስጥ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ ነበረበት። አንዳንድ ጎማ በቧንቧው በኩልም ሌላ ወንፊት ስላለው እሱም ይታይ። ሙቅና ቀዝቃዛ የሚቀበል ማሽን ከሆነ መግቢያዎቹ ሁለት ናቸው።

መልሶ ከመግጠም በፊት ጎማውን ባልዲ ውስጥ ለቅቆ ማጠብ ይገባል፤ አለዚያ ውስጡ የቀረው አሸዋ የጸዳችውን ወንፊት ወዲያው ይደፍናታል። ጎሚኒው በቦታው መሆኑን አይተው ማሰሪያውን በእጅ ያጥብቁ፣ ቧንቧውን ከፍተው መጋጠሚያውን በደረቅ ሶፍት ይንኩ። ሶፍቱ ከረጠበ ትንሽ ይጨመርለት።

ወንፊቷ ደጋግማ ስትደፈን አውጥቶ መጣል የሚቀናቸው ሰዎች አሉ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። አሸዋው ወደ ቫልቩ አልፎ የሚዘጋው ጎማ ሥር ሲሰነቀር ቫልቩ እስከ መጨረሻው አይገጥምም፤ ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ እንኳ ውሃ ሲገባበት ያድራል፣ ቤት ሊያጥለቀልቅም ይችላል።

እኛ ጋ ካጸዳን በኋላ ማሽኑ በፊት በሚጨርስበት ሰዓት መጨረስ ጀመረ፣ ቫልቩም አልተቀየረም። ወንፊቷ ጸድታ፣ ባልዲውም በፍጥነት እየሞላ ማሽኑ አሁንም ቢዘገይ ኖሮ ያኔ ቫልቩን እንጠረጥር ነበር። አሁን ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የማሽኑን ቧንቧ ዘግተን እንቆያለን፣ የግቢው ቧንቧ ጥርት ያለ ውሃ እስኪያወርድ ድረስ።