ስለ ውሻዬ ጩኸት ለጎረቤቴ

አንባቢ ሆይ! ውሻ ያለህ እንደ ሆነ ይህን ልብ በል። የውሻህን ጩኸት ከመንደሩ ሰው ሁሉ አስቀድሞ መስማት የሚተወው የአንተው ጆሮ ነው። የለመዱት ድምፅ ከእንቅልፍ አያስነሣም። ቀን ቀን ደግሞ በሥራ ወይም በትምህርት ላይ ስለምትውል ግቢው ባዶ ሲሆን ውሻው ምን ሲል እንደሚውል አታውቅም። በአጥር የሚዋሰንህ ሰው ግን የቀኑንም የሌሊቱንም ይሰማል። ይሉኝታ ይዞት አንድ ወር ሁለት ወር ዝም ይላል፤ ዝም ማለቱ ግን ነገሩን ረስቶታል ማለት አይደለም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ቅሬታው በየሌሊቱ ይጨምራል። መጨረሻው ክስ፥ ወይም በአጥር ላይ የተወረወረ የተመረዘ ሥጋ የሚሆንበት ጊዜም አለ።

እንግዲህ ጎረቤትህ ቅሬታውን የነገረህ ዕለት ምን ትመልሳለህ? «ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ምን ላድርገው?» ብሎ መሳቅ ቀላል ነው። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለቤት የሆነ ሰው በመብቱ ሲሠራ ጎረቤቱን ከማስቸገር እንዲጠነቀቅ ያዛል፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጢስ፥ መጥፎ ሽታና ድምፅም ይከለክላል። ደግሞም የአካባቢው ልማድ መታየት እንዳለበት ይጨምራል። ከዚህ የምንረዳው ውሻ ጨርሶ አይጩኽ አለመባሉን ነው። የሚጠየቀው ጩኸቱ ከልክ አልፎ እንደ ሆነና ባለቤቱ ምን እንዳደረገ ነው።

በአገራችን ወግ ይቅርታ የሚጠየቀው በአፍ ነው፤ ደብዳቤም የሰላምታን ቦታ አይወስድም። ነገር ግን በበር ላይ የተነገረ ቃል ዕለቱን ያስታርቅ እንጂ በሦስተኛው ሌሊት ውሻው እንደ ገና ሲጮኽ «ያ ሁሉ ይቅርታ ውሸት ነበር» ያሰኛል። ጽሑፍ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ምን እንደሚደረግ፥ እስከ መቼ እንደሚደረግና ከውሻው ምን መጠበቅ እንደሚገባ በጎረቤትህ እጅ ይቀመጣል። ስለዚህ ሄደህ ሰላም በል፤ ደብዳቤውንም በገዛ እጅህ ስጥ። በበር ሥር የተሾለከ ወረቀት ማስጠንቀቂያ ይመስላል።

ብዕርህን ከማንሣትህ በፊት ግን ምክንያቱን እወቅ። አንድ ጉዳይ በምሳሌ እንውሰድ። በአዲስ አበባ በአንድ ቀጭን መንገድ ዳር የሚኖር ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ቦቢ የሚባል ውሻ አለው እንበል። ውሻው ቀን ይታሰራል፤ ሌሊት ይፈታል። ቤቱ የተሠራው ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት የሚተኙበትን ክፍል በሚያዋስነው የቆርቆሮ አጥር ሥር ነው። አዛውንቱም ሌሊት እንቅልፍ እንዳጡ በትሕትና ነገሩት።

ወጣቱ ሰባት ሌሊት አንድ ደብተር ራስጌው አኖረ። ጩኸት በሰማ ቁጥር ሰዓቱን፥ የቆየበትን ጊዜና በዚያች ደቂቃ በመንገዱ ላይ ምን እንደ ነበረ ጻፈ። በሰባቱ ሌሊት 19 ጊዜ ተጮኸ። ከዚህ ውስጥ 14ቱ ሰው በመንገዱ ሲያልፍ ነበር፤ ይልቁንም ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ሰዎች ወደ ቤታቸው ሲገቡና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ። በማግሥቱ ውሻው በተኛበት ቦታ ጎንበስ ብሎ ቢመለከት በሁለት ቆርቆሮዎች መካከል አራት ጣት የሚያህል ክፍተት አገኘ። ቦቢ በዚያ ክፍተት የሚያልፈውን እግር ሁሉ ያያል። ሰውዬው አልፎ ይሄዳል፤ ውሻው ግን በጩኸቱ ያባረረው ይመስለዋል። ስለዚህ በሚቀጥለው እግር ላይ የበለጠ ይበረታል።

ስለ ቀኑስ? ወጣቱ አንድ ቀን ወደ ሥራ ሲሄድ የእጅ ስልኩን ድምፅ እንዲቀዳ አድርጎ በመስኮቱ ላይ ተወው። ማታ ሲያዳምጠው ከወጣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ቀጭንና እየቆየ የሚደጋገም ጩኸት ሰማ፤ ቀጥሎም ማላዘን። ይህ የሌሊቱን አይመስልም። ሶፊያ ዪን የተባለች አሜሪካዊት የእንስሳት ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 እና በ2004 ዓ.ም. ባወጣቻቸው ጥናቶች፥ ውሻ ባዕድ ሲመጣበት የሚያሰማው ጩኸት ወፍራምና ሻካራ፥ ብቻውን ሲቀር የሚያሰማው ደግሞ ቀጭንና ከፍ ዝቅ የሚል መሆኑን አሳይታለች። እንግዲህ ቦቢ ሁለት ጩኸት፥ ሁለትም ምክንያት አለው ማለት ነው፤ ሌሊት ዘበኛ ነው፥ ቀን ብቸኛ ነው። ሁለቱ በአንድ መድኃኒት አይድኑም።

ወጣቱ ይህን ካወቀ በኋላ የጻፈው ደብዳቤ እንዲህ ይሆናል።

«ጥቅምት 6 ቀን

ለተከበሩ ጎረቤቴ ለጋሼ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ቤተ ሰብዎስ ደኅና ናቸው? የውሻዬ የቦቢ ጩኸት እንቅልፍ እንደ ነሣዎ ስለ ነገሩኝ አመሰግናለሁ። ሳይቀየሙ በቀጥታ ስለ ነገሩኝ ምክንያቱን ለመፈለግ ቻልሁ። እስከ ዛሬ ለደረሰብዎ ድካም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሰባት ሌሊት ስከታተለው ብዙውን ጊዜ የሚጮኸው በመንገዱ ሰው ሲያልፍ በአጥሩ ክፍተት እያየ መሆኑን ተረዳሁ። ቀን ደግሞ እኔ ከወጣሁ በኋላ ብቻውን ሲቀር እንደሚያላዝን አወቅሁ። ስለዚህ ጥቅምት 4 ቀን ክፍተቱን በቆርቆሮ ዘግቻለሁ፤ ቤቱንም ከእርስዎ መኝታ ቤት አጥር አንሥቼ በእኔ ማድ ቤት ጓሮ አድርጌዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት አስወጣዋለሁ፤ ቀንም ሳይታሰር በጓሮ ይውላል።

ከዚህ ቀደም ሌሊት ሲጮኽ ዝም እንዲል ትራፊ እሰጠው ነበር። ይህን ከዛሬ ማታ ጀምሮ እተዋለሁ። ምግቡ ሲቀርበት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከበፊቱ ይልቅ ሊጮኽ ይችላል፤ ይህም እስከ ጥቅምት 16 ገደማ ሊቆይ ይችላል። አስቀድሜ የምነግርዎ ቃሌን ያጠፍሁ እንዳይመስልዎ ብዬ ነው። እባክዎ በእነዚህ ቀናት ከእርስዎም ቤት ምንም ነገር እንዳይጣልለት ለልጆቹ ይንገሩልኝ።

ጅብ ወይም ሌባ ሲመጣ አይጮኽም ብዬ ቃል ልሰጥዎ አልችልም። ነገር ግን ያለ ምክንያት ከአምስት ደቂቃ በላይ ቢጮኽ በማናቸውም ሰዓት ይደውሉልኝ። እኔ በሌለሁበት ቀን ሲያላዝን ቢሰሙ ደግሞ ሰዓቱን ቢነግሩኝ ይረዳኛል። ኅዳር 6 ቀን መጥቼ ለውጥ መኖሩንና አለመኖሩን እጠይቅዎታለሁ።

አክባሪዎ ጎረቤትዎ»

ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ ዋናው ሦስተኛው አንቀጽ ነው። ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱትም በእርሱ ነው። ሌሊት ሲጮኽ እንጀራ የተሰጠው ውሻ ጩኸት ምግብ እንደሚያመጣ ተምሯል። ምግቡ ሲቀር ዝም አይልም፤ «አልሰሙኝ ይሆናል» እንደሚል ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ባለቤቱ በአራተኛው ሌሊት ተሰላችቶ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሰጠው፥ ውሻው የሚማረው አራት ሌሊት መጮኽ እንደሚያዋጣ ነው፤ ነገሩም ከመጀመሪያው ይብሳል። ስለዚህ የቤቱ ሰው ሁሉ፥ ጎረቤትም ጭምር፥ በአንድ ሐሳብ መቆም አለበት። ጎረቤት ከብስጭት የተነሣ ድንጋይ ቢወረውርም ውሻው ከዚያ ወገን ጠላት አለ ብሎ ጥበቃውን ወደዚያው ያዞራል።

በመስኮት ሆኖ «ዝም በል!» እያሉ መጮኽም አይረዳም፤ ብዙ ውሻ ጌታው አብሮት የሚጮኽ ይመስለዋል። የሚሻለው ቀን ቀን ማስተማር ነው። ሲጮኽ ጠጋ ብለህ በቀስታ «ዝም» በለው፤ ዝም ባለ በሦስተኛው ሴኮንድ አንዲት ቁራሽ ስጠው። በሚቀጥሉት ቀናት ዝምታውን ወደ 5፥ ወደ 10፥ ወደ 20 ሴኮንድ አስረዝም። ጊዜውን ካላስረዘምህ ግን ጮኾ፥ ዝም ብሎ፥ በልቶ እንደ ገና መጮኽን ይማራል። ቁራሹ ምን ጊዜም ከዝምታው በኋላ ይምጣ እንጂ ጩኸቱን ለማስቆም አይሰጥ።

የቀኑ ማላዘን ከሌሊቱ ይልቅ ይቆያል። ጠዋት የተንሸራሸረና ስትወጣ የሚግጠው ትልቅ አጥንት ያገኘ ውሻ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት በዚያ ያሳልፋል፤ የሚብሰውም ያ ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ በርን እስኪቧጭርና እስኪያቆስለው የሚጨነቅ ውሻ በአጥንት አይረዳም፤ ቀን አብሮት የሚውል ሰው ወይም የእንስሳት ሐኪም ያስፈልገዋል። እንደዚሁም ዝምተኛ የነበረ ውሻ በድንገት ሌሊቱን ሙሉ መጮኽ ቢጀምር ሕመም ይኖርበት ይሆናልና ይመርመር። ድምፁ ጎርናና ሆኖ ቢለወጥ፥ ለሃጩ ቢዝረበረብና መዋጥ ቢያቅተው ግን የእብደት በሽታ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ አትቅረበው፤ ሰውንም አርቅ፤ ለእንስሳት ጤና ሠራተኞች ቶሎ አስታውቅ። የነከሰው ሰው ቢኖር ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ታጥቦ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ።

በቀጠሮው ቀን ደብተርህን ይዘህ ሂድ። ያን ሰባት ሌሊት 19 ጊዜ የጮኸው ውሻ አሁን በሰባት ሌሊት 6 ጊዜ ቢጮኽ ሥራው እየተሠራ ነው። ቁጥሩ ካልቀነሰ ምክንያቱን አላገኘኸውም ማለት ነውና ክፍተቱን እንደ ገና ፈልግ። የአንተን ቁጥር ብቻ ግን አትመን። ክፍሉ ከአጥሩ ሥር የሆነው ጎረቤትህ ነውና አስቀድመህ እርሱን ጠይቅ፤ «አሁን ተኛሁ» ሲልህ ያን ጊዜ ደብተሩን ትዘጋለህ።