የሐዋላ እውነተኛ ዋጋ፦ የአገልግሎት ክፍያና የምንዛሪ ልዩነት አንድ ላይ ሲሰሉ

በውጭ ሀገር የሚሠሩ ዜጎች ወደ ቤተሰቦቻቸው ገንዘብ ሲልኩ በቅድሚያ የሚጠይቁት «የመላኪያው ስንት ነው?» የሚለውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መልሱ የሚያሳየው ከወጪው አንዱን ክፍል ብቻ ነው። ሌላው ክፍል በደረሰኙ ላይ እንደ ወጪ ተለይቶ አይጻፍም። የላኪው ሪያል፣ ዲርሃም ወይም ዶላር ወደ ብር በሚለወጥበት ተመን ውስጥ ስለሚካተት ብዙዎች ሳያስተውሉት ይከፍሉታል።

ባንኮች እርስ በርሳቸው የውጭ ምንዛሪ ሲገበያዩ በመግዣና በመሸጫ ዋጋቸው መካከል የሚገኝ አንድ ተመን አለ፤ ይህም መካከለኛ ተመን ይባላል። አንድ ግለሰብ ወደ ገንዘብ አስተላላፊ ድርጅት ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ተመን ከዚህ ዝቅ ያለ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የምንዛሪ ልዩነት ለድርጅቱ ገቢ፣ ለላኪው ደግሞ ወጪ ይሆናል። ልዩነቱ መኖሩ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ድርጅቱ ሠራተኛ፣ ቢሮና ወኪል አለው፤ የተመን መዋዠቅ የሚያስከትለውን ስጋትም ይሸከማል። አሳሳች የሚሆነው «ያለምንም ክፍያ እንልካለን» የሚል ማስታወቂያ ከዝቅተኛ ተመን ጋር ሲቀርብ ነው። የዓለም ባንክ የሐዋላን ዋጋ በየሀገሩ ሲለካ የአገልግሎት ክፍያውንና የምንዛሪ ልዩነቱን ደምሮ የሚይዘውም በዚህ ምክንያት ነው።

በሪያድ ከተማ በቤት ሠራተኝነት የተሰማራች አንዲት ዜጋ ለታናሽ ወንድሟ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሆን 1,000 ሪያል ለመላክ ተነሣች እንበል። ለስሌቱ እንዲቀል የዕለቱ መካከለኛ ተመን 1 ሪያል በ40 ብር እንደሆነ ይታሰብ፤ ይህ ለምሳሌ የተወሰደ ቁጥር እንጂ የማንኛውም ዕለት ተመን አይደለም። ምንም ወጪ ባይኖር ኖሮ ቤተሰቧ 40,000 ብር ይደርሰው ነበር።

የመጀመሪያው ድርጅት ታክስን ጨምሮ 20 ሪያል ያስከፍላል፤ ተመኑ 39.60 ብር ነው። ከ1,000 ሪያል ውስጥ 20 ሪያል ሲቀነስ የሚላከው 980 ሪያል ይሆናል፤ ተቀባዩም 38,808 ብር ያገኛል። ሁለተኛው ድርጅት የአገልግሎት ክፍያ የለውም፤ ተመኑ ግን 38.40 ብር ነው። በዚህኛው የሚደርሰው 38,400 ብር ነው። «ነፃ» የተባለው አገልግሎት ከከፋዩ ይልቅ በ408 ብር ተወደደ ማለት ነው። ከ40,000 ብር አንጻር ሲታይ የመጀመሪያው ወጪ 1,192 ብር ወይም 3 በመቶ ገደማ፣ የሁለተኛው 1,600 ብር ወይም 4 በመቶ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች እስከ 2030 እ.ኤ.አ. የሐዋላ ወጪ ከ3 በመቶ በታች እንዲሆን ያልማሉ።

ከዚህ ተነሥቶ ክፍያ የሚጠይቀው ድርጅት ምንጊዜም ይሻላል ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። ያቺው ላኪ በሚቀጥለው ወር 300 ሪያል ብቻ ብትልክ ውጤቱ ይገለበጣል። በመጀመሪያው ድርጅት 280 ሪያል በ39.60 ተባዝቶ 11,088 ብር ይደርሳል፤ በሁለተኛው ደግሞ 11,520 ብር። ቁርጥ የሆነው 20 ሪያል ለ1,000 ሪያል 2 በመቶ ሲሆን ለ300 ሪያል 6.7 በመቶ ያህል ይሆናል፤ የምንዛሪ ልዩነት ግን ከገንዘቡ መጠን ጋር አብሮ ያድጋል። በዚህ ምሳሌ ሁለቱ እኩል የሚሆኑት በ660 ሪያል ላይ ነው፤ በሁለቱም በኩል 25,344 ብር ይደርሳል። ከዚያ በታች ክፍያ የሌለው፣ ከዚያ በላይ ክፍያ ያለው ይሻላል። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ የሚልክ ሰው፣ ቤተሰቡ መጠበቅ የሚችል ከሆነ፣ አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ በመላክ ቁርጥ ክፍያውን ሊቀንስ የሚችለውም ለዚህ ነው።

ከባሕረ ሰላጤው ሀገራት ለሚልኩ ሰዎች ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ጉዳይ ምንዛሪው ሁለት ጊዜ ሊፈጸም መቻሉ ነው። ሪያሉ በቅድሚያ ወደ ዶላር፣ ዶላሩ ደግሞ ወደ ብር ይለወጣል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የራሱ ልዩነት ሊኖር ይችላል። የመጀመሪያውን እርምጃ መመርመር ቀላል ነው፤ የሳዑዲ ሪያል ከዶላር ጋር ያለው ይፋዊ ምጣኔ 3.75 ሲሆን የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ዲርሃም ደግሞ 3.6725 ነው፤ ሁለቱም ለረጅም ዓመታት አልተለወጡም። ስለዚህ አንድ የምንዛሪ ቤት ለ1 ዶላር 3.79 ሪያል ቢጠይቅ ከ1,000 ሪያል ላይ ከ10 ሪያል በላይ ገና ወደ ብር ሳይደረስ ተቀንሷል ማለት ነው።

ሁለተኛው እርምጃ በኢትዮጵያ በኩል የሚፈጸምበት ጊዜም አለ። ገንዘቡ በዶላር ተልኮ ወደ ሀገር ውስጥ ባንክ ከገባ የሚለወጠው ክፍያው በሚፈጸምበት ዕለት በዚያ ባንክ የመግዣ ዋጋ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ የባንኮች ዋጋ አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ ተቀባዩ የትኛው ባንክ ሒሳብ አለው የሚለው ራሱ የወጪው አካል ነው። ባንክ ከባንክ በሚደረግ ዝውውር ደግሞ በመካከል የሚገኙ ባንኮች የራሳቸውን ክፍያ ከሚላከው ገንዘብ ላይ ሊቆርጡ ይችላሉ። በማመልከቻው ላይ OUR የሚለው ምርጫ ወጪው በሙሉ በላኪው እንዲሸፈን፣ SHA እንዲጋራ፣ BEN ደግሞ በተቀባዩ እንዲሸፈን የሚያደርግ ነው። የተላከው 300 ዶላር ጎድሎ ደረሰ የሚል ቅሬታ ሲነሣ በመጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ምርጫ ነው።

እንዲህ የተወሳሰበ የሚመስለው ሒሳብ በተግባር በአንድ ጥያቄ ይቀላል፦ «አሁን 1,000 ሪያል ብሰጥ፣ ሁሉም ነገር ተቀንሶ፣ ተቀባዩ እጅ ስንት ብር ይገባል?» የአገልግሎት ክፍያው፣ ታክሱ፣ የምንዛሪ ልዩነቱ፣ አንዳንድ ባንኮች ለሐዋላ የሚሰጡት ጭማሪም ቢሆን በዚህ መልስ ውስጥ ይጠቃለላል። መልሶቹን ማወዳደር የሚቻለው ግን ጥያቄው በተቀራራቢ ሰዓት፣ ለተመሳሳይ የገንዘብ መጠንና ለተመሳሳይ የመቀበያ መንገድ ሲቀርብ ነው፤ በጥሬ ገንዘብ የሚወሰድና ሒሳብ ውስጥ የሚገባ ገንዘብ የተለያየ ተመን ሊኖራቸው ይችላል። በተጨማሪም አንዳንድ የስልክ መተግበሪያዎች ለመጀመሪያው መላኪያ ብቻ የተሻለ ተመን ስለሚሰጡ ሁለተኛውን ከመላክ በፊት ስሌቱን እንደገና መሥራት ያስፈልጋል።

ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት በደረሰኙ ወይም በስልኩ ማሳያ ላይ ሦስት ቁጥሮች መኖራቸው ሊረጋገጥ ይገባል፤ እነርሱም ከላኪው የተወሰደው ጠቅላላ ገንዘብ፣ የተሠራበት ተመንና ለተቀባዩ የሚከፈለው ብር ናቸው። ተመኑ «ግምታዊ» ተብሎ ከተጻፈ ገና አልጸናም ማለት ነው። ቤተሰቡ የተቀበለው ገንዘብ ከሦስተኛው ቁጥር ያነሰ እንደሆነ ላኪው ደረሰኙን ይዞ ወደ ድርጅቱ በመመለስ ልዩነቱ የት ላይ እንደተቆረጠ መጠየቅ ይችላል።