ማጅራት ገትር፦ ሕክምናው ውጤት የማይጠብቅ ሕመም

ሁለት ወጣቶች በአንድ ምሽት ድንገተኛ ክፍል ገቡ እንበል። ሁለቱም ያተኩሳቸዋል፣ ራሳቸውን ክፉኛ ያማቸዋል፣ ብርሃን አይወዱም፤ አገጫችሁን ወደ ደረታችሁ ዝቅ አድርጉ ሲባሉም አንገታቸው እሺ አይልም። የአንዱ ማጅራት ገትር በባክቴሪያ የመጣ ነው፤ የሌላው በቫይረስ። የመጀመሪያው በሰዓታት ውስጥ ካልታከመ ሊሞት ወይም ጆሮው ሊደነቁር ይችላል። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ውስጥ፣ ዕረፍትና ማስታገሻ ብቻ በቂው ሆኖ ይድናል። ችግሩ አልጋቸው አጠገብ ቆሞ የትኛው በየትኛው እንደታመመ በእርግጠኝነት መናገር አለመቻሉ ነው።

እርግጥ ጠቋሚ ነገሮች አሉ። በባክቴሪያ የሚመጣው ሕመም ብዙ ጊዜ በሰዓታት ይብሳል፤ ሕመምተኛው ይቃዣል፣ ይደነዝዛል፣ አንዳንዴም ያንቀጠቅጠዋል። ቫይረሱ የያዘው ሰው ግን ራሱን እያመመውም ቢሆን አእምሮው ንቁ ነው፤ ሲጠይቁት በትክክል ይመልሳል። ሆኖም ሁሉም ምልክት በአንድነት እስኪታይ መጠበቅ ያሳስታል። በኔዘርላንድስ በባክቴሪያ ማጅራት ገትር በታመሙ አዋቂዎች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ትኩሳት፣ የአንገት መገተርና የአእምሮ መደናገር ሦስቱም የታዩት ከግማሽ በታች በሆኑት ላይ ብቻ ነበር። በጨቅላ ሕፃን ደግሞ አንገቱ ላይገተር ይችላል፤ ጡት እምቢ ማለት፣ ያለማቋረጥ ማልቀስ ወይም መፍዘዝ፣ የእርግብግቢቱ መወጠር ይበልጥ ይናገራል።

ለይቶ የሚያሳየው ከጀርባ የሚቀዳው ፈሳሽ ነው። ብዙ ቤተሰብ «ሽባ ያደርገዋል» ብሎ ይፈራዋል። መርፌው የሚገባው ግን ከወገብ ዝቅ ብሎ፣ ኅብለ ሰረሰሩ ካበቃ በኋላ ባሉት አጥንቶች መካከል ነው። የሚወሰደው ጥቂት ሚሊ ሊትር ሲሆን ሰውነት በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ይተካል። ከተቀዳ በኋላ ለቀናት የራስ ምታት ሊያስከትል ይችላል፤ ይህም ብዙ ጊዜ በዕረፍት ይሻላል።

የሁለቱን ወጣቶች ብልቃጥ ጎን ለጎን እንይ። ጤነኛ ፈሳሽ እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ በአንድ ማይክሮ ሊትር ከ5 የማይበልጡ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉት፣ ስኳሩም የደሙን ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። የመጀመሪያው ወጣት ፈሳሽ ደፍርሷል። ነጭ ሕዋሳቱ 2,400 ናቸው፤ አብዛኞቹም ባክቴሪያን ለመዋጋት ቀድመው የሚዘምቱት ኒውትሮፊሎች ናቸው። በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር 110 ሲሆን በፈሳሹ ውስጥ 20 ብቻ ነው፤ ፕሮቲኑም በጣም ጨምሯል። የሁለተኛው ፈሳሽ የጠራ ነው። ሕዋሳቱ 150፣ አብዛኞቹ ሊምፎሳይቶች ናቸው፤ ስኳሩ ደሙ 100 ሆኖ 62 ነው፣ ፕሮቲኑም ትንሽ ብቻ ከፍ ብሏል። ስኳሩ ከደሙ ጋር የሚነጻጸረው ለዚህ ነው፤ ደሙ ካልተለካ የፈሳሹ ቁጥር ብቻውን ያሳስታል።

ሥዕሉ ሁልጊዜ እንዲህ የጠራ አይደለም። ቫይረሱ በጀመረበት ቀን ኒውትሮፊሎች ሊበዙ ይችላሉ። ሊምፎሳይቶች በዝተው ስኳሩ ዝቅ ካለ ደግሞ ሐኪሙ ሳንባ ነቀርሳንና የፈንገስ ማጅራት ገትርን ማሰብ አለበት፤ በአገራችን ሁለቱም አሉ። ቫይረሱ አንጎሉን ራሱን ካጠቃና ሄርፒስ ከተጠረጠረ አሲክሎቪር የሚባለው መድኃኒት በፍጥነት ይሰጣል።

ስለዚህም ሐኪሞች ባክቴሪያ ነው ብለው ከጠረጠሩ ውጤት አይጠብቁም። ደም ይወሰዳል፣ ፈሳሹ በፍጥነት ይቀዳል፣ አንቲባዮቲኩ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥር ይሰጣል፤ ለአዋቂ ብዙ ጊዜ ሴፍትሪያክሶን፣ 2 ግራም በየ12 ሰዓቱ። ሕመምተኛው ራሱን ከሳተ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ግማሽ አካሉ ከደከመ በአንጎል ውስጥ ያለው ግፊት ሊያሰጋ ስለሚችል መርፌው ይዘገያል፤ መድኃኒቱ ግን አይዘገይም። መድኃኒቱ ከተጀመረ በሰዓታት ውስጥ ባክቴሪያውን በላብራቶሪ ማሳደግ ሊያቅት ይችላል፤ የሕዋሳቱና የስኳሩ ለውጥ ግን ለተወሰነ ጊዜ ስለሚቆይ ምርመራው ከንቱ አይሆንም። ውጤቱ ቫይረስ ነው ካለ አንቲባዮቲኩ ይቋረጣል። ጥቂት መጠን ያላግባብ መሰጠቱ የሚያደርሰው ጉዳት ከአንድ ሌሊት መዘግየት ያነሰ ነው።

ትኩሳት ከአንገት መገተር፣ ከመቃዠት ወይም ከማንቀጥቀጥ ጋር ከመጣ ሌሊቱ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ። ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ የወሰዳችሁት አንቲባዮቲክ ካለም ስሙንና የጀመራችሁበትን ሰዓት ለሐኪሙ ንገሩ፤ የፈሳሹን ውጤት የሚያነበው ያንን አውቆ መሆን አለበት።