ጣሪያው ስንት የሶላር ፓነል ይይዛል? ተረቱና እውነታው

የአርሲዋን ጢቾና አካባቢዋን በመሰለ ደጋ፣ ወራጅና ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነ ቤት ላይ ሶላር ለመትከል ሲታሰብ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት ፓነል ይገባል?» የሚል ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ በግምት ይሰጣል። ግምቱም ገንዘብ ያስወጣል፤ ፓነሎቹ ተገዝተው ከመጡ በኋላ ሦስቱ ወይም አራቱ ቦታ አጥተው ግድግዳ ተደግፈው ይቀራሉ።

ነገሩን በአንድ ጣሪያ ላይ እንየው። ቤቱ ውኃውን ወደ ሁለት ጎን የሚያፈስ ነው እንበል። የአንዱ ጎን ርዝመት 9 ሜትር፣ ከአናቱ እስከ ክፍክፉ ደግሞ በቆርቆሮው ላይ ሲለካ 4.2 ሜትር ነው። የምንሰቅለው ፓነል በገበያ የተለመደው ባለ 550 ዋት ሲሆን ርዝመቱ 2.278፣ ወርዱ 1.134 ሜትር ነው።

ተረት፦ «የጣሪያውን ስፋት ለፓነሉ ስፋት ማካፈል በቂ ነው።»

ጣሪያው 37.8 ካሬ ሜትር፣ ፓነሉ 2.58 ካሬ ሜትር ነው። ሲካፈል 14 ተኩል ያህል ይመጣልና «14 ይገባል» ይባላል። ይህ ስሌት ፓነልን እንደ ውኃ የሚፈስ ነገር ያያል። ፓነል ግን አይቆረጥም፣ አይታጠፍም። በአንድ ረድፍ መጨረሻ የተረፈ አንድ ሜትርና በሌላው ረድፍ የተረፈ አንድ ሜትር ተደምረው ፓነል አያስቀምጡም። ስለዚህ ስፋትን ትቶ ርዝመትንና ቁመትን ለየብቻ ማስላት ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን ዳር ዳሩ ይቀነሳል።

ተረት፦ «ዳሩን ባዶ መተው ቦታ ማባከን ነው።»

ነፋስ ጣሪያን ከሁሉ በላይ የሚነቅለው ከዳሩና ከማዕዘኑ ነው። ጠርዙን ሲመታ ወደ ላይ ይሽቀነጠርና ከበላዩ የሚስብ ኃይል ይፈጥራል፤ መሐል ላይ ይህ ኃይል በጣም ይቀንሳል። ጠርዝ ድረስ የተሰቀለ ፓነል ከሥሩ ነፋስ ገብቶ ሲያነሳው ማገሩን ጭምር ይዞ ሊሄድ ይችላል። የአርሲ ነፋስ ደግሞ የሚናቅ አይደለም፤ ኢተያ አጠገብ ለ100 ሜጋዋት የነፋስ ኃይል ጣቢያ የተመረጠ ምድር ነው።

በክፍክፉ በኩል ሌላም ምክንያት አለ። መስተዋት ላይ የሚወርድ ዝናብ ከቆርቆሮ ይልቅ ይፈጥናል። ፓነሉ እስከ ጫፍ ከወጣ ውኃው አሸንዳውን ዘሎ መሬት ይመታል፤ የክረምት ውኃ በበርሜል የሚያጠራቅም ቤተሰብ ይህን ወዲያው ያየዋል።

ለምሳሌያችን በአራቱም ጎን 30 ሴንቲ ሜትር እንተው። የሚቀረው 8.4 በ3.6 ሜትር ነው።

አሁን እንቁጠር። በፓነልና በፓነል መካከል 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት አለ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከቀረው ርዝመት ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ደምሮ፣ የፓነሉን ጎን ከክፍተቱ ጋር ደምሮ ለዚያ ማካፈል፣ ሽርፍራፊውን መጣል። ሁለቱ ሴንቲ ሜትር የሚደመረው የመጨረሻው ፓነል ከኋላው ክፍተት ስለማያስፈልገው ነው።

ፓነሉ ቁሞ ሲሰቀል ወደ ጎን 8.42 ለ1.154 ይካፈላል፤ 7 ይገባል። ወደ ላይ 3.62 ለ2.298 ሲካፈል አንድ ብቻ ነው። ድምሩ 7። ተጋድሞ ሲሰቀል ወደ ጎን 3፣ ወደ ላይም 3 ይሆናል፤ ድምሩ 9። እዚያው ጣሪያ ላይ፣ በዚያው ፓነል፣ አቅጣጫው ብቻ ሲለወጥ ሁለት ጨመረ። ሦስቱ የተጋደሙት ከ8.4 ሜትሩ 6.87 ያህል ስለሚይዙ በተረፈው አንድ ሜትር ተኩል ውስጥ አንድ ፓነል ቁሞ ይገባል፤ በጠቅላላው 10። ከተገመተው 14 አራት ጎደለ ማለት ነው።

አጋድሞ መስቀል ለቆርቆሮ ቤት ሌላ ጥቅም አለው። ፓነሉ በረጅም ጎኑ ስለሚያዝ የአሉሚኒየሙ ሐዲድ ከክፍክፍ ወደ አናት ይዘረጋል፤ ማገሩ ደግሞ አግድም ነው። ስለዚህ ሐዲዱ እያንዳንዱን ማገር ያቋርጣል፣ በየማቋረጫውም ይታሰራል። ክብደቱን የሚሸከመው ማገሩ እንጂ ቆርቆሮው አይደለም፤ ብሎኑም በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ሸለቆ ላይ መመታት የለበትም። ቁሞ የሚገባው አሥረኛው ፓነል ግን አግድም ሐዲድ ይፈልጋል፤ ማገሩ ትክክለኛው ቦታ ላይ ካልገጠመ ለእሱ ሲባል ተጨማሪ ማገር ማስገባት ያስፈልጋል። እኔ ብሆን ማገሩን ሳላይ አሥረኛውን አልገዛም።

ተረት፦ «ፓነሎች እንዲቀዘቅዙ ስንዝር ስንዝር መራራቅ አለባቸው።»

ሁለቱ ሴንቲ ሜትር የሚመጣው ሁለት ጎረቤት ፓነሎችን አንድ ላይ ከሚይዘው መቆንጠጫ ነው። በሙቀት መለጠጥን አንስተው የሚጨነቁ አሉ። ከ2 ሜትር የሚበልጥ የአሉሚኒየም ክፈፍ በ50 ዲግሪ ሙቀት ልዩነት የሚለጠጠው 3 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ክፍተቱ ከበቂ በላይ ነው። ፓነሉን የሚያቀዘቅዘው በሥሩ የሚያልፈው አየር ነው። ከቆርቆሮው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለቱ ጎን ለጎን ከመራራቅ ይበልጥ ይጠቅማል። ስንዝር ስንዝር ብንተው ግን ወደ ላይ ሦስት የነበረው ረድፍ ሁለት ይሆናል።

ተረት፦ «ትልቅ ፓነል ከገዛሁ ብዙ ኃይል አገኛለሁ።»

ባለ 410 ዋቱ ፓነል 1.722 በ1.134 ሜትር ነው። ቁሞ ሲሰቀል በእኛ ጣሪያ ላይ ወደ ጎን 7፣ ወደ ላይ 2 ይገባል፤ 14 ፓነል፣ 5,740 ዋት። ትልቁ በ9 ፓነል 4,950፣ በ10 ደግሞ 5,500 ዋት ይሰጣል። ትንሹ ያሸነፈው ሁለት ረድፉ 3.46 ሜትር ሆኖ በ3.6ቱ ውስጥ ልክ ስለገጠመ ነው። ሌላ ጣሪያ ላይ ውጤቱ ሊገለበጥ ይችላል፤ ለዚህ ነው ፓነል ከመመረጡ በፊት ጣሪያው መለካት ያለበት።

ተረት፦ «የቤቱን ወለል ብለካ ይበቃል።»

ጣሪያው 20 ዲግሪ ቢያዘነብል፣ 4.2 ሜትሩ ከመሬት ሲለካ 3.95 ብቻ ይሆናል፤ ያውም ክፍክፉ ተጨምሮ። ሦስት የተጋደሙ ረድፎች ከነዳራቸው 4.04 ሜትር ስለሚፈልጉ፣ ከመሬት የለካ ሰው አንድ ረድፍ ሙሉ ይሰርዛል። የቆርቆሮ ቅጠል ቆጥሮ ማባዛትም ያሳስታል፤ ቅጠሎቹ የሚደራረቡበት ቦታ አለና ውጤቱ ከእውነተኛው ይበልጣል። መሰላል ተይዞ ሜትሩ በቆርቆሮው ላይ ይዘርጋ። በባሕር ዛፍ የተሠራ ጣሪያ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ስላልሆነ አናቱም ክፍክፉም ይለካ፤ ሁለቱ ማዕዘን ለማዕዘን ልኬቶች እኩል ካልሆኑ በአጭሩ ርዝመት ይሰላ።

ተረት፦ «በሰሜን ያለው ጎን ዋጋ የለውም።»

ይህ ከአውሮፓ የመጣ ምክር ነው። ጢቾ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናቷ ታልፋለች፣ በሰኔ ደግሞ በሰሜን በኩል ትሆናለች። ሆኖም የሰሜን ፀሐይ ከክረምቱ ደመና ጋር ስለሚገጥም፣ ጥርት ያለው የበጋ ፀሐይም ከደቡብ ስለሚመጣ፣ መጀመሪያ የሚሞላው የደቡቡ ጎን ነው። የደቡቡ 9 ወይም 14 ካልበቃ የቀረው ወደ ሰሜን ይሻገር። ዳሩን መጠቅጠቅ ግን መፍትሔ አይደለም።