ሴንሰሩ ሲተኛ ባትሪው ይከርማል

በዝዋይና በሆለታ ባሉ የጽጌረዳ ግሪንሃውሶች ሊነጋጋ ሲል የአየሩ እርጥበት ከፍ ይላል። ጠል እምቡጡ ላይ አርፎ ለሰዓታት ከቆየ ቦትራይቲስ የሚባለው ግራጫ ሻጋታ ይነሳል። አብቃዩ እርጥበቱ በየትኛው ጥግ እንደሚጠራቀም ለማወቅ በየመደቡ ትንንሽ ሴንሰሮች ይሰቅላል። ውሃና መድኃኒት በሚረጭበት ቤት ውስጥ ገመድ መዘርጋት ስለማያመች፣ እነዚህ ሴንሰሮች መረጃቸውን የሚልኩት በሬዲዮ፣ የሚሠሩትም በባትሪ ነው። ባትሪው ስንት ጊዜ ይቆያል?

አንድ ሴንሰር ነቅቶ ሲለካና ሲልክ 20 ሚሊ አምፒር ይወስዳል እንበል። ሁለት ደብል ኤ አልካላይን ባትሪዎች በተርታ ሲያያዙ ወደ 2,500 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይይዛሉ። ሴንሰሩ ሳያቋርጥ ከነቃ በ125 ሰዓት፣ ማለትም በአምስት ቀን ገደማ ይጨርሳቸዋል።

የግሪንሃውስ እርጥበት ግን በየሰከንዱ አይለዋወጥም። ስለዚህ ሴንሰሩ በየ10 ደቂቃው ለ3 ሰከንድ ብቻ ነቅቶ ይለካል፣ ይልካል፣ ተመልሶ ይተኛል። ይህ ተራ ዱቲ ሳይክል ይባላል። ከ600 ሰከንድ ውስጥ 3ቱን ብቻ ስለሚነቃ፣ 20ው ሚሊ አምፒር በአማካይ ወደ 0.1 ይወርዳል። ተኝቶ የሚወስደው 0.01 ሲደመርበት 0.11 ይሆናል። ቅዝቃዜው፣ እርጅናውና የቮልት መውረዱ ታስቦ ከባትሪው 70 በመቶው ብቻ ቢቆጠር እንኳ 1,750ን ለ0.11 ስናካፍል ወደ 15,900 ሰዓት እናገኛለን፤ ይህም አንድ ዓመት ከአሥር ወር ያህል ነው።

ስሌቱ በሁለት ቦታ ይፈርሳል። የመጀመሪያው እንቅልፉ ነው። ሰሌዳው ላይ የሚበራ ትንሽ መብራት ወይም ኃይል የሚያባክን የቮልት መቆጣጠሪያ የእንቅልፉን ፍጆታ ወደ 0.5 ሚሊ አምፒር ካሳደገው፣ አማካዩ 0.6 ይሆናል። ያኔ ባትሪው አራት ወር ብቻ ይቆያል። ሴንሰሩ ከመሰቀሉ በፊት በባትሪውና በሰሌዳው መካከል ቴስተር አስገብቶ ሲተኛ የሚወስደውን ማንበብ ይህን ያጋልጣል።

ሁለተኛው ሬዲዮው ነው። ተክሉ ሲያድግና ቅጠሉ ሲረጥብ የሬዲዮ ሞገድ ይዳከማል። መልእክቱ መድረሱን የሚያረጋግጥ ምላሽ ያጣ ሴንሰር ደጋግሞ ይልካል፤ የነቃበት ጊዜ ከ3 ወደ 9 ሰከንድ ካደገ የባትሪው ዕድሜ ከስምንት ወር በታች ይወርዳል። መልእክቶቹ ተራ ቁጥር ከተሰጣቸው፣ የሚዘለሉት ቁጥሮች ሲበዙ ችግሩ ይታያል። መፍትሔው አንቴናውን ከቅጠሉ በላይ መስቀልና የድግግሞሹን ብዛት መገደብ ነው።

ቮልቱንም ሴንሰሩ ራሱ፣ በሚልክበት ቅጽበት ለክቶ ይላከው። የደከመ ባትሪ ሥራ ሲፈታ ደህና መስሎ ይታያልና፣ ድካሙ የሚለየው ሸክም ሲሰጠው ነው።