ቪዛ ሲከለከል ወረቀቱ ምን ይላል?

አዲስ አበባ፣ እንጦጦ መንገድ ላይ ካለው የአሜሪካ ኤምባሲ አንድ ገጽ ወረቀት ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው የሚወጡ ሰዎች አይጠፉም። ወረቀቱ ላይ 214(b) የሚል ቁጥር አለ። ቁጥሩን ያልሰማ የለም፤ ምን እንደሚል የገባው ሰው ግን ያን ያህል ብዙ አይደለም።

ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ አንቀጽ ነው። ለጉብኝት ወይም ለትምህርት ቪዛ የሚያመለክት ሰው፣ ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ እዚያው ሊቀር እንዳሰበ ይቆጠራል። የማስረዳት ሸክሙ የአመልካቹ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ «ዋሽተሃል» አይልም፤ «አላሳመንከኝም» ነው የሚለው። ይግባኝ የለውም፣ ግን የዕድሜ ልክ እገዳም አይደለም።

ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀውን ዓይነት ጉዳይ እንውሰድ። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የሚነግዱ የ58 ዓመት እናት አሉ እንበል። ሜሪላንድ ያለች ልጃቸው ልትወልድ ነው። ፎርሙን፣ ማለትም DS-160ን፣ ሰፈር ያለ ፎርም ሞይ ሞላላቸው። የንግድ ፈቃዱ በባላቸው ስም ስለሆነ ሥራ በሚለው ቦታ «የቤት እመቤት» ብሎ ጻፈ። የቆይታ ጊዜውን ስድስት ወር አደረገው። ልጅቷ የድጋፍ ደብዳቤ ላከች፤ ዘመድ ተረባርቦ ከቀጠሮው ሁለት ሳምንት በፊት ባንክ ደብተራቸው ውስጥ 400 ሺህ ብር አስገባ።

መስኮቱ ጋ የቆዩት ጥቂት ደቂቃ ነው። «ምን ይሠራሉ?» ሲባሉ «ነጋዴ ነኝ» አሉ። «ምን ያህል ይቆያሉ?» ሲባሉ ደግሞ «ልጄ እስከፈለገችኝ»። ከእናት አንጀት የወጣ መልስ ነው። ቆንስሉ ግን የሚሰማው የመመለሻ ቀን የሌለው ጉዞ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ላይ «የቤት እመቤት» እያነበበ «ነጋዴ ነኝ» መስማቱም አለ። በደንብ የያዙትን ዶሴ ሳይገልጠው ወረቀቱን ሰጣቸው።

ቤት ሲደርሱ ሁሉም የሚያወራው ስለ ገንዘቡ ማነስ ነው። ችግሩ ግን እሱ አልነበረም። ድንገት የገባ ብር የሰውየውን ኑሮ አያሳይም፤ እንዲያውም ያስጠረጥራል። የልጅቷ ደብዳቤም የሚያረጋግጠው ወጪያቸው እንደሚሸፈን ነው። የሕጉ ጥያቄ ሌላ ነው፦ አዲስ አበባ ላይ የሚመልሳቸው ምን አለ?

እኚህ እናት ደግሞ የሚመልሳቸው አላቸው። ሃያ ዓመት የቆየ ሱቅ፣ በየዓመቱ የተገበረበት ደረሰኝ፣ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል የሚደርስ ገበያ። አንዱም ፎርሙ ላይ አልነበረም።

እንደገና ለማመልከት የግድ የሚጠበቅ ጊዜ የለም። አዲስ ፎርም፣ አዲስ ቀጠሮና አዲስ ክፍያ ያስፈልጋል፤ የጉብኝት ቪዛ ክፍያ ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ 185 ዶላር ሲሆን ቢከለከሉም አይመለስም። ያንኑ ፎርም ይዞ በሚቀጥለው ወር መሄድ ግን ብር ማቃጠል ነው፤ የመጀመሪያው ቆንስል የጻፈው ማስታወሻ ሁለተኛው ፊት ይከፈታል።

የሚጠቅመው የቀድሞውን ፎርም አውጥቶ መስመር በመስመር መመርመር ነው። በእኚህ እናት ጉዳይ የሥራው ቦታ ይታረማል፤ ሱቁ ከመቼ ጀምሮ እንዳለ፣ ምን እንደሚሸጥ፣ ፈቃዱ በባል ስም መሆኑም ጭምር ይጻፋል። ስድስት ወሩ አምስት ሳምንት ይሆናል፤ ሐምሌ ሄደው ለበዓሉ ገበያ ነሐሴ መጨረሻ ይመለሳሉ፣ እስከዚያ ሱቁን ባላቸው ይይዙታል። «ከዚህ በፊት ተከልክለው ያውቃሉ?» ለሚለው መልሱ «አዎ» ነው። ቆንስሉ ምን እንደተለወጠ ሲጠይቅ እውነቱ አጭር ነው፦ «ያኔ ፎርሙን ሰው ሞላልኝ፣ ሥራዬን አሳስቶ ጻፈው፤ አሁን አርሜዋለሁ»።

ይህም ሆኖ ቪዛው እርግጠኛ አይደለም። ልጅቷ ዜግነት አግኝታ ለእናቷ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ አስገብታ ከሆነ ፎርሙ ይጠይቃል፣ መገለጽም አለበት፤ ያኔ «እመለሳለሁ» ብሎ ማሳመን ይከብዳል። ሥራም ትዳርም ያልያዘ ወጣት ደግሞ ፎርሙ ቢያምርም የሚያሳየው ነገር ስለሌለው፣ ኑሮው እስኪለወጥ ቢጠብቅ ይሻለዋል።

ደላላ «የሥራ ደብዳቤ ላሠራልህ» ያለው ሰው ግን ከሁሉ የከፋ አደጋ ላይ ነው። ሐሰተኛ ሰነድ ከተገኘ ጉዳዩ ከ214(b) ወጥቶ በማጭበርበር አንቀጽ ይታያል፤ ያ የዕድሜ ልክ ክልከላ ያስከትላል፣ ነገ በትዳር ወይም በልጅ በኩል ለሚመጣ ዕድልም እንቅፋት ይሆናል።

ፎርሙ በእንግሊዝኛ ነው፤ ማን እንደሞላውም ይጠይቃል፣ ተጠያቂው ግን ምንጊዜም ፈራሚው ነው። ስለዚህ ውጭ ያላችሁ ልጆች፣ የመጨረሻው ቁልፍ ከመጫኑ በፊት እናታችሁ ጋ ደውሉና የተጻፈውን አንድ በአንድ በአማርኛ አንብቡላቸው።