የመሥራቾች ድርሻ እንዴት ይሳሳል?

ስታርትአፕ ገንዘብ ሲያሰባስብ መሥራቾቹ አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸውን አክሲዮን አይሸጡም። ኩባንያው አዲስ አክሲዮን ያወጣል፤ የነሱ አክሲዮን ቁጥር ሳይነካ ከጠቅላላው ያላቸው መቶኛ ይቀንሳል።

ሁለት መሥራቾች እያንዳንዳቸው 3.5 ሚሊዮን አክሲዮን አላቸው እንበል። አንድ ባለሀብት ኩባንያውን ከገንዘቡ በፊት 8 ሚሊዮን ዶላር ገምቶ 2 ሚሊዮን ያስገባና 20 በመቶ ይይዛል። እያንዳንዱ መሥራች 40 በመቶ የሚቀርለት ይመስላል። ነገር ግን በአሜሪካ የቬንቸር ካፒታል ውሎች ለወደፊት ሠራተኞች የሚቀመጠው አክሲዮን ብዙውን ጊዜ ከዚያው ከ8 ሚሊዮኑ ግምት ውስጥ እንዲወጣ ይጠየቃል። ለሠራተኞች 10 በመቶ ከተያዘ ጠቅላላው 10 ሚሊዮን አክሲዮን ይሆናል፤ ዋጋው በአንድ ዶላር ይወሰናል፤ የአንዱ መሥራች ድርሻም 35 በመቶ ነው። የመሥራቾቹ ንብረት እንግዲህ የተገመተው በ7 ሚሊዮን ነው። ብዙዎች ይህን የሚያስተውሉት ከፈረሙ በኋላ ነው።

በሁለተኛው ዙር ሌላ ባለሀብት በአክሲዮን 4 ዶላር ከፍሎ 2.5 ሚሊዮን አዲስ አክሲዮን ይገዛል። የመሥራቹ ድርሻ ወደ 28 በመቶ ይወርዳል፤ በወረቀት ያለው ዋጋ ግን ከ3.5 ወደ 14 ሚሊዮን ዶላር ይወጣል።

ችግሩ የሚብሰው ዋጋው ካለፈው ዙር በታች ሲወርድ ነው። የቀድሞ ባለሀብቶች ውል አብዛኛውን ጊዜ ማካካሻ አክሲዮን ያስገኝላቸዋል፤ መሥራቾችና ሠራተኞች ግን እንዲህ ያለ ከለላ ስለሌላቸው ቅነሳው በነሱ ላይ ይከብዳል።